የካሽ አድራሻ ስከፋፍል አንድ ቢት ላይ ተጣብቄያለሁ፣ እባካችሁ እዩልኝ

ሰላም፣ ከጎንደር ነው የምጽፈው። ሰኞ ፈተና አለብኝ። ትናንት ማታ ማራኪ ካለው ክፍላችን ከጓደኛዬ ጋር ቁጭ ብለን ስንሠራ አንድ ጥያቄ ላይ ተለያየን።

አድራሻው 16 ቢት ነው። ካሹ 1024 ባይት፣ ብሎኩ 16 ባይት። ስለዚህ 64 ብሎክ ይይዛል። ዳይሬክት ማፕድ ሲሆን 4 ቢት ለኦፍሴት፣ 6 ለኢንዴክስ፣ 6 ለታግ ይደርሳል። `0x1A34` እና `0x2A34` ሁለቱም መስመር 35 ላይ ወደቁ። ተራ በተራ ሲጠሩ አንዱ ሌላውን እያስወጣ ሁሌም ሚስ ነው። እስከዚህ ተስማምተናል።

ችግሩ ባለ ሁለት ዌይ ሴት አሶሲየቲቭ ሲሆን ነው። እኔ ዌዩን የሚመርጥ 1 ቢት ያስፈልጋል ብዬ ኢንዴክሱን 6 ላይ ተውኩት። ጓደኛዬ ግን ሴቶቹ 32 ስለሆኑ ኢንዴክሱ 5 ነው፣ የተረፈው ቢት ወደ ታግ ይሄዳል አለችኝ። `0x1A34` በሁለቱ አከፋፈል ይህን ይመስላል፦

```
000110 100011 0100
0001101 00011 0100
```

በእሷ መንገድ ሁለቱም አድራሻዎች ሴት 3 ውስጥ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ ታጋቸው 13 እና 21 ነው። ከመጀመሪያዎቹ ሁለት ሚሶች በኋላ ሁሉም ሂት ይሆናል። የእሷ ልክ ሳይሆን አይቀርም። ግን ዌዩን የሚጠቁም ቢት ከሌለ ካሹ የትኛውን እንደሚያነብ በምን ያውቃል? የሁለቱንም ታግ በአንድ ጊዜ ነው የሚያወዳድረው?

ደግሞ `0x3A34` ሲጨመር ሦስቱም ሴት 3 ላይ ወደቁብኝ። ከተነካ የቆየው ይውጣ በሚለው ደንብ በዙር ስጠራቸው እንደገና ሁሉም ሚስ ሆነ። ይሄ ትክክል ነው ወይስ የሆነ ቦታ ተሳስቻለሁ?