አንድ ዓይነት ካድሚየም ሴሌናይድ ሆኖ አንዱ አረንጓዴ፣ ሌላው ቀይ የሚያበራው ለምንድን ነው?

ሕሊና (ጠያቂ)፦
ከአንድ ፍላስክ በተለያየ ደቂቃ እየቀዳሁ ያወጣሁትን ካድሚየም ሴሌናይድ በአልትራቫዮሌት መብራት ሳየው፣ ቀደም ብዬ የቀዳሁት አረንጓዴ፣ የመጨረሻው ቀይ ያበራል። የወርቅ ናኖ ቅንጣትም ከ1064 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች እንደሚቀልጥ ተምረናል። የሁለቱ ምክንያት አንድ ነው? ደግሞ አንዱ ናሙናዬ ደብዘዝ ያለ ነጭ ነው የሚያበራው። ምን አጥፍቼ ይሆን?

ዳዊት፦
ምክንያቱ አንድ ነው፣ የገጽ ስፋት። ጎኑ 1 ሴንቲሜትር የሆነ ኩብ ወርቅ 6 ካሬ ሴንቲሜትር ገጽ አለው። ያንኑ ወርቅ ጎናቸው 10 ናኖሜትር በሆኑ ኩቦች ብትከፋፍዪው ገጹ 600 ካሬ ሜትር ይሆናል። ወርቁ አልጨመረም፣ ገጹ ግን በሚሊዮን እጥፍ አደገ። ቀለሙም መቅለጡም ከዚሁ የሚመጣ ነው።

ሰናይት፦
እኔ የምሠራው በብር ናኖ ቅንጣት ቀለም ሽቦ በማተም ነው። ብር የሚቀልጠው በ962 ዲግሪ ነው፣ እኔ ግን በ150 ዲግሪ ጋግሬው ቀልጦ ኤሌክትሪክ ያስተላልፍልኛል። የሚገርመኝ ግን አንዴ ከተጋገረ በኋላ መልሼ ባሞቀው ምንም አይሆንም። የሕሊናም ቅንጣቶች እንዲህ ተያይዘው ይሆን ቀለማቸው የተለወጠው?

አቤል፦
ሰናይት፣ የአንቺ ብር የቀለጠ አይመስለኝም። ዙሪያውን የሸፈነው ኦርጋኒክ ሽፋን ሲለቅ የገጹ አቶሞች እየተንሸራተቱ ጎረቤት ቅንጣቶችን አጣብቀዋቸዋል። ይህ ከመቅለጫው በታች የሚሆን ነገር ነው። ከተጣበቁ በኋላ ትልቅ ብር ስለሆኑ 150 ዲግሪ አይበግራቸውም። የሕሊና ቅንጣቶች ግን ፍላስኩ ውስጥ የሚያድጉት ከፈሳሹ አቶም እየወሰዱ ነው።

ዳዊት፣ ስለ ወርቁ ትክክል ነህ። ገጽ ላይ ያለ አቶም የሚይዘው ጎረቤት ያንሰዋል፣ ስለዚህ ቦታውን ቶሎ ይለቃል። ስፋቱ 3 ናኖሜትር በሆነ የወርቅ ቅንጣት ውስጥ ግማሽ ያህሉ አቶም ገጽ ላይ ነው፤ መቅለጫው በመቶዎች ዲግሪ ይወርዳል። የሚወርደው መጠን ከስፋቱ ጋር በተቃራኒ ነው የሚሄደው፦ ስፋቱ በግማሽ ሲቀንስ መውረዱ እጥፍ ይሆናል። ለዚህ ነው 100 ናኖሜትር ላይ ልዩነቱ ብዙም የማይታየው።

ቀለሙ ግን የገጽ ጉዳይ አይደለም። ብርሃን ኤሌክትሮኑን ሲያስነሳው ክፍት ቦታ ትቶ ይነሳል። ትልቅ ካድሚየም ሴሌናይድ ውስጥ ሁለቱ ከ5 ናኖሜትር በላይ ተራርቀው እንደልባቸው ይኖራሉ። ክሪስታሉ ከዚያ ሲያንስ ይጨናነቃሉ፤ ክር ሲያጥር ድምፁ እንደሚቀጥን፣ የጠበበበት ኤሌክትሮንም ኃይሉ ከፍ ይላል። በትልቁ ቁስ ኤሌክትሮኑን ለማስነሳት የሚያስፈልገው ኃይል፣ ማለትም ክፍተቱ፣ 1.74 ኤሌክትሮን ቮልት ነው፣ ይህም የ713 ናኖሜትር ገደማ ብርሃን ነው፣ ዓይን ብዙም የማያየው ጥቁር ቀይ። 6 ናኖሜትር ገደማ የሆነ ቅንጣት ቀይ ያበራል፤ 2 ተኩል ገደማ የሆነው አረንጓዴ። ሕሊና፣ ቀድመሽ የቀዳሽው ገና ያላደገው ነው።

ነጩን ናሙና ለማወቅ የመምጠጫ ስፔክትረሙን እዪው። ጫፉ ስል ሆኖ የሚያበራው ግን ሰፊ ከሆነ ጥፋቱ ከገጹ ነው። ጫፉ ራሱ ከተደፈጠጠ ግን የተለያየ ስፋት ያላቸው ቅንጣቶች ተቀላቅለዋል።

ሕሊና፦
አሁን አየሁት። ነጩ ከሁሉም በፊት የቀዳሁት ነው። 415 ናኖሜትር አካባቢ ስል ጫፍ አለው።

አቤል፦
እንግዲያው ቅንጣቶቹ በጣም ትንሽ ናቸው፣ ስፋታቸውም ተመሳሳይ ነው። ገጽ ላይ ያሉት አቶሞች አንዳንዶቹ ያልተሞላ ቦንድ ስላላቸው ኤሌክትሮኑን እዚያው ይይዙታል፣ የሚወጣው ብርሃንም በየኃይሉ ይበታተናል። ገጹ ኃይሉ የሚባክንበት ቦታ ነው ማለት ነው። ትልልቆቹን ናሙናዎች በዚንክ ሰልፋይድ ቅርፊት ብትሸፍኛቸው ቀለማቸው በመጠኑ ብቻ ወደ ቀይ ይጠጋል፣ ድምቀታቸው ግን በጣም ይጨምራል። ይህን ትንሽዬ ግን ቅርፊት ለማልበስ ስታሞቂው ራሱ ሊያድግብሽ ይችላል።

ዳዊት፦
ስለ ቀለሙ ተቀብያለሁ። ግን ወርቁ ላይ አንድ ጥያቄ አለኝ፦ ግማሹ አቶም ገጽ ላይ ከሆነና ገጹ ቀድሞ ከላላ፣ የ2 ናኖሜትር ቅንጣት «የመቅለጫ ሙቀት» አንድ ቁጥር ነው ልንል እንችላለን?

አቤል፦
እኔ አንድ ቁጥር ብዬ አልጽፈውም። በዚህ መጠን ቅንጣቱ የተቀመጠበት መሬትና ቅርጹም ይለውጡታል። የለኩ ሰዎች ካሉ ቢጨምሩበት ደስ ይለኛል።