“አሰላለፍ”፣ “ዝምታ” ወይስ “ፓስ”? ድምፅ ሰምቶ ለሚጽፍ ሞዴል ቃል ፍለጋ

የጦሳዋ
ሰላም ለሁላችሁ ከደሴ። ድምፅ ሰምቶ ስለሚጽፍ ሞዴል የሚያወራ ጽሑፍ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው። ዘዴው ኮኔክሽኒስት ቴምፖራል ክላሲፊኬሽን ይባላል፣ ባጭሩ ሲቲሲ። አሌክስ ግሬቭስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጡት ነው። ሁለት ቃል ላይ ቆሜያለሁ። አንደኛው “ያለ አላይመንት ይማራል” የሚለው ነው፤ “አሰላለፍ” ልበለው? ሁለተኛው “ብላንክ” የሚሉት ምልክት ነው። “ዝምታ” ብዬ ጻፍኩት፣ ግን ልቤ አልተቀበለውም።

ባቲዬ
አሰላለፍ ሲባል እኔ የሚታየኝ የኳሱ ነው። ተከላካይ አራት፣ አጥቂ ሁለት። ከዚህ ጋር ምን እንደሚያገናኘው አልገባኝም። ግን ነገሩን ካነሳችሁት እኔም ጉዳይ አለኝ። የአያቴን ወሬ በስልክ ቀድቼ የቦርከና ልጅ በሰጠኝ ሞዴል አስጻፍኩት። “ከከሚሴ መጣሁ” ባለችበት ሁሉ “ከሚሴ መጣሁ” ብሎ ጻፈ። አንዷን “ከ” ምን በላት?

ፒያሳ ደሴ
“ዝምታ” ትክክል ነው። ሰው ሲናገር መሃል ላይ ያርፋል፣ እዚያ ላይ ብላንክ ይገባል። ሁለት “ከ” ሲደጋገሙም የሚለያቸው እሱ ነው። የባቲዬ ሞዴል አንድ “ከ” የጻፈው “ከ” ጠብቃ ስለተነበበች ይመስለኛል። ጠብቆ የሚነበብ ፊደል አንዴ ነው የሚጻፈው።

የቦርከና ልጅ
ሰላም ከኮምቦልቻ። ፒያሳ፣ “ሁለቱን ይለያቸዋል” ያልከው ልክ ነው። “ዝምታ” ያልከው ላይ ግን አልስማማም። የጥብቀቱንም ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ሞዴሉ ድምፁን እኩል እኩል ይቆርጠዋል። በእያንዳንዱ ቁራጭ ላይ አንድ ነገር መናገር አለበት፤ ወይ ፊደል፣ ወይ ብላንክ። ብላንክ ማለት “እዚህ ላይ አዲስ ፊደል የለኝም” ማለት ነው። ሰውየው ዝም ስላለ አይደለም። የእኔ ሞዴል “ሴ” የምትለዋን ፊደል በአንዲት ቁራጭ ላይ ይጽፋትና ይጨርሳል፤ ድምጿ ገና እየተሰማ ብላንክ፣ ብላንክ እያለ ይቀጥላል። ለዚህ ነው ፊደሉ የታየበትን ቦታ “ድምፁ እዚህ ጀመረ፣ እዚህ አለቀ” ብላችሁ እንዳታምኑ የምለው። ካርታ ስንጫወት ተራችን ደርሶ የምንጥለው ሲጠፋ “ፓስ” እንላለን አይደል? ለእኔ ብላንክ ማለት እሱ ነው።

አሁን ወደ “ከከሚሴ”። ሞዴሉ ተናግሮ ሲጨርስ ሁለት ነገር ይደረጋል። መጀመሪያ ጎን ለጎን የተደጋገመ ፊደል ወደ አንድ ይጠቀለላል። ከዚያ ብላንክ ይጣላል። በዚህ ቅደም ተከተል ብቻ! ከተገለበጠ ሁለት “ከ” መጻፍ ጨርሶ አይቻልም። የባቲዬን ቅጂ ሳይጠቀለል አየሁት። ከታች የመጀመሪያው መስመር ሞዴሉ ያለው ነው፣ ሁለተኛው ማለት የነበረበት። ብላንኳን በ `_` ጽፌያታለሁ።

```
_ ከ ከ ሚ ሴ
ከ _ ከ ሚ ሴ
```

የላይኛው ሲጠቀለል “ከሚሴ” ይሆናል። የታችኛው “ከከሚሴ”።

የእኔ ሞዴል ቁራጭ 80 ሚሊ ሰከንድ ነው፤ ለፍጥነት ብዬ ያደረግኩት። የባቲዬ አያት ቃሏን በ400 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ነው ያለቻት፤ አምስት ቁራጭ ማለት ነው። ፊደሎቹ አራት ናቸው፣ በሁለቱ “ከ” መሃል ደግሞ አንድ ብላንክ ግዴታ ነው። አምስት ቁራጭ ላይ “ከከሚሴ”ን ማስቀመጫ መንገድ ያ የታችኛው ብቻ ነው። ስድስት ቁራጭ ቢኖር ዘጠኝ መንገድ ይኖረው ነበር። ሞዴሉ ዙሪያውን ስለሚሰማ ፊደሏን ትንሽ ቀደም ወይም ዘግየት ሊያደርጋት ይችላል፤ ቢሆንም በጣም ጠባብ ነው።

መምህር ዘደሴ
ልጄ፣ ብላንኩ ገብቶኛል። የመጀመሪያው ጥያቄ ግን አልተመለሰም። የትኛው ድምፅ የትኛው ፊደል እንደሆነ ማንም ካልነገረው እንዴት ይማራል? እኔ ተማሪ ሳስተምር ፊደሉን በጣቴ እያሳየሁ ነው።

የቦርከና ልጅ
ጋሼ፣ እርስዎ በጣትዎ የሚያሳዩትን ነው ጥያቄው “አላይመንት” ያለው። “ከ” ከዚህ ሚሊ ሰከንድ እስከዚህ ሚሊ ሰከንድ እያሉ ምልክት ማድረግ ነው። ለአንድ ሰዓት ቅጂ ስንት ቀን እንደሚፈጅ ይገምቱት።

ለሲቲሲ የሚሰጠው ድምፁና ዓረፍተ ነገሩ ብቻ ነው። ፊደሎቹ በቅደም ተከተል እንዳሉ ያውቃል፣ የት እንዳሉ አያውቅም። ስለዚህ ሲጠቀለል ትክክለኛውን ጽሑፍ የሚሰጠውን መንገድ ሁሉ ልክ ነው ብሎ ይቆጥራል። የሁሉንም ዕድል ደምሮ ድምሩን ከፍ ለማድረግ ይሠራል። አንዱን መንገድ አይመርጥም። “ከሚሴ” ብቻዋን በ25 ቁራጭ ላይ 376,740 መንገድ አላት። አንድ በአንድ አይቆጠሩም፤ የሚጋሩትን መንገድ አንዴ እያሰላ ነው የሚደምረው።

ይህ ብቻውን አያስተምርም፣ ልክ ነዎት። የሚያስተምረው የቅጂው ብዛት ነው። ኮምቦልቻ መናኸሪያ የመጣ አማርኛ የማያውቅ እንግዳ ያስቡ። ረዳቱ “ሐይቅ” ሲል አንድ ታፔላ ያያል፣ “ሐርቡ” ሲል ሌላ ታፔላ። ሁለቱ ታፔላዎች ላይ አንድ ዓይነት ፊደል መጀመሪያ ላይ አለ። ሁለቱ ጥሪዎችም መጀመሪያቸው አንድ ዓይነት ነው። “ሐ” የት ላይ እንዳለቀች የነገረው የለም። ግን “ሐ”ን መጨረሻ ላይ የሚያስቀምጥ ግምት ለሁለቱ አብሮ አይሠራም። የሚሠራው ግምት እየበረታ፣ የማይሠራው እየደከመ ይሄዳል።

የጦሳዋ
እንዲህ ከሆነ “ያለ አሰላለፍ” ማለቴ ስህተት ነው! አሰላለፍ አለ፤ የሌለው ሰው የሰጠው አሰላለፍ ነው።

መምህር ዘደሴ
“ድልደላ” ቢባልስ? ፊደሎቹን በጊዜው ላይ መደልደል ነው። “ድልደላው ሳይነገረው ይማራል።” ባቲዬም ኳሱ ጋር አትሄድም።

ፒያሳ ደሴ
ድልደላ የመሬትና የሥራ ነገር ያስመስለዋል። እኔ “አሰላለፍ” ይሻለኛል። የጥብቀቱን ግን አልመለስክልኝም።

የቦርከና ልጅ
“ገና” የልደት በዓል ሲሆን ይጠብቃል፣ “ገና አልመጣም” ሲሆን ይላላል። ጽሑፋችን ሁለቱንም አንድ አድርጎ ይጽፋል። ስለዚህ ሞዴሉ ጠብቆም ላልቶም ቢሰማ “ገና” ብሎ ከጻፈ ተሳክቶለታል። ፊደል ሳይጠቀለል መደጋገሙም የጥብቀት ምልክት አይደለም፤ ያው ፊደል እየቀጠለ ነው ማለት ብቻ ነው። ጥብቀት ይለይልኝ የሚል ሰው ከፊደሉ በላይ ነጥብ እያደረገ ሁሉንም ጽሑፍ እንደገና መጻፍ አለበት።

ባቲዬ፣ አብሽር። ቁራጩን 40 ሚሊ ሰከንድ አድርጌ እንደገና አሠለጠንኩት። በሥልጠናው ላይ የስህተታቸው መጠን `inf`፣ ማለትም ወሰን የለሽ፣ የሚሆን አጫጭር ቅጂዎች ነበሩ። ፊደላቸውና ግዴታ የሆነው ብላንክ ተደምሮ ከቁራጫቸው ይበልጥ ነበር፤ አንድም መንገድ የላቸውም። አሁን `inf` የለም። “በበጋ” እና “ከከተማ” ተስተካከሉ።

ባቲዬ
ሞከርኩት። ከአራቱ “ከከሚሴ” ሁለቱን በትክክል ጻፈ። ሁለቱን አሁንም “ከሚሴ” ይላል። ድምፁን ደጋግሜ በጆሮ ማዳመጫ ሰማሁት። እውነቱን ለመናገር አያቴ እነዚያ ሁለቱ ላይ አንድ “ከ” ብቻ ነው ያለችው።

መምህር ዘደሴ
ሲፈጥኑ አንዷ ትዋጣለች፣ የታወቀ ነው። ግን ጽሑፉ ላይ “ከከሚሴ” ተብሎ ይጻፍ። ሰዋስው ነው።

የቦርከና ልጅ
ለሚያነብ ሰው እሺ ጋሼ። ለማሠልጠኛ ግን እፈራለሁ። ድምፁ ውስጥ የሌለች “ከ” ጽሑፉ ላይ ካለች፣ ሞዴሉ የሆነ ቦታ ሊያስቀምጣት ይገደዳል። ነገ “ከሚሴ ደረስኩ” ስትለውም “ከከሚሴ” ሊልብህ ይችላል።

ባቲዬ
እንግዲህ ሁለት ዓይነት አድርጌ አስቀምጣለሁ፤ አንዱን አያቴ እንዳለችው፣ አንዱን መምህር እንዳሉት። የጦሳዋ፣ አንቺ ብላንክን ምን አልሽው?

የጦሳዋ
“ባዶ” ብዬ ጀመርኩ፣ ሦስተኛው ገጽ ላይ “ፓስ” ሆነ። አርታኢው ይሰርዘው እንደሆነ እንጂ እኔ አልሰርዘውም።