በቆሎዬ ወይን ጠጅ መሰለ፣ ነገ ዩሪያ ይበተን?

የሐርቡ ልጅ
ወገኖች ቶሎ መልሱልኝ። ቦርከና ዳር ያለው የአባቴ በቆሎ አምስት ቅጠል አውጥቶ እድገቱ ቀጥ አለ። የታች ቅጠሎቹ ከጫፋቸው ጀምሮ ወይን ጠጅ ሆነዋል። ከጎኑ ያለው ማሳችን ግን ለምለም ነው። ኤንፒኤስ ማዳበሪያው ከአንድ ከረጢት፣ ዘሩም አንድ፣ የተዘራውም በአንድ ቀን። አባቴ «ማዳበሪያው ተጭበርብሯል» ብሎ ነገ ጠዋት ዩሪያ ሊበትን ነው። ይበትን?

ቆቦ ሜዳ
አቀንጭራ ነው ወንድሜ። የኔን ማሽላ አምና ጨርሶታል። ሐምራዊ አበባውን ዘር ሳይጥል በእጅህ ንቀለው።

የሐርቡ ልጅ
አበባ አይደለም፣ የበቆሎው ቅጠል ነው!

የደላንታ ሰው
ማዳበሪያውን ለምን ትከሳለህ? ያው ከረጢት ጎረቤቱን ማሳ አብቅሏል ብለሃል። ብርድ ወይም የተኛ ውኃም ቅጠል ያቀላል። ጉድጓድ ቆፍረህ እይ።

አፈር ቤት
በሁለቱ ማሳዎች ላይ ከበቆሎው በፊት ምን ነበር? ኤንፒኤሱስ በመስመር ነው የገባው ወይስ በብተና?

የሐርቡ ልጅ
ቆፈርኩ፣ ውኃ የለም። ለምለሙ ላይ ማሾ ነበር። የታመመው ላይ በመስኖ ሁለት ዙር ጥቅል ጎመን፣ ዳር ዳሩን ቆስጣ። ማዳበሪያው በሁለቱም በብተና።

አፈር ቤት
እንግዲህ አባትህን ዛሬ ማታ አስቁማቸው። ዩሪያ ናይትሮጅን እንጂ ፎስፈረስ የለውም፤ የጎደለው ደግሞ ፎስፈረስ ይመስለኛል።

ፎስፈረስ እንደ ናይትሮጅን ከውኃ ጋር አይጓዝም፣ አፈሩ ይይዘዋል። ሥር በዙሪያው ያለችውን አንድ ሁለት ሚሊ ሜትር ከመጠጠ በኋላ አጠገቡ ባዶ ይሆናል። የማሾው ማሳ ላይ ያለው በቆሎ ግን ረዳት አለው፤ ማይኮራይዛ የሚባል ፈንገስ። ክሩ ከሥር ጸጉርም ይቀጥናል፣ ሥሩ ከማይደርስበት ብዙ ሴንቲ ሜትር ርቆ ፎስፈረስ ያመጣል። በሥሩ ሕዋስ ውስጥ እንደ ትንሽ ዛፍ ቅርንጫፍ ያወጣል፤ እዚያ ፎስፈረሱን ሰጥቶ ስኳርና ቅባት ይቀበላል። ያቺ ዛፍ በጥቂት ቀን ትረግፋለች፣ ሌላ ይተካታል። ሰብሉ ለዚህ ንግድ ከሚሠራው ስኳር ከመቶ እስከ 20 ሊከፍል ይችላል።

ጎመንና ቆስጣ ግን ይህን ፈንገስ አያስገቡትም። እሱ ደግሞ ያለ ሕያው ሥር አያድግም። ሁለት ዙር ጎመን ሲያልፍ ተመናምኖ በቆሎህ ብቻውን ቀረ። የበተናችሁት የኤንፒኤሱ ፎስፈረስ ማሳው ውስጥ አለ፣ ሥሩ ነው ያልደረሰበት።

መርሳ
ጎመኑ ራሱ ፎስፈረሱን በልቶት ቢሆንስ?

አፈር ቤት
ሊሆን ይችላል፣ አፈሩ ሳይመረመር አልምልም። ሥሩን በፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ቀቅሎ፣ በኮምጣጤ በተበረዘ የብዕር ቀለም ነክሮ በማይክሮስኮፕ ያየ ሰው ፈንገሱ መኖር አለመኖሩን ይለያል። በዓይን አይታይም፤ አፈር ላይ የምታዩት ነጭ ሻጋታ አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ነው።

ቆቦ ሜዳ
እንግዲያው ከእኔ ማሽላ ማሳ አንድ ኩንታል አፈር ልላክለትና ይበትነው! ፈንገሱ እዚያ አለ።

አፈር ቤት
ፈንገሱ አለ፣ ግን ከአቀንጭራ ዘር ጋር። ማሽላ ፎስፈረስ ሲርበው ፈንገሱን የሚጠራበት ኬሚካል ከሥሩ ያፈሳል፤ አቀንጭራም ያንኑ ጥሪ ሰምቶ ነው የሚበቅለው። ስለዚህ ያንተን አፈር ማንም ማሳ ላይ አታድርስ። የማሾውን ማሳ አፈር ለችግኝ መደብ እቀበለዋለሁ፣ ለሙሉ ማሳ ግን ጉልበት ማባከን ነው።

የሐርቡ ልጅ
ታዲያ አሁን ምን ላድርግ? ልገልብጠው?

አፈር ቤት
አትገልብጥ። ከግንዱ አራት ጣት ያህል ርቀህ፣ በዚያው ጥልቀት በመቆፈሪያ ቀደድ አድርግና ግማሽ የለስላሳ ቆርኪ ኤንፒኤስ ጨምረህ አፈር መልስበት። ላዩ ላይ ከበተንከው እዚያው ይቀራል። ሁለት መስመር ሳትነካ ተው፣ ለማወዳደር። የቀላው ቅጠል አይመለስም፤ አዲስ የሚወጣውን እይ። በማሳው አረሞች ሥር ላይ የተረፈው ፈንገስ እየተስፋፋ ሊረዳው ይችላል፣ ያም ሳምንታት ይፈጃል። ምርቱ መዘግየቱ አይቀርም። ዩሪያውን በወቅቱ ትሰጠዋለህ።

የደላንታ ሰው
ለከርሞ ጎመኑን ይተውት ማለት ነው?

አፈር ቤት
አይ፣ ጎመን ገንዘብ ነው። ከጎመን ቀጥሎ ማሾ ይዝሩ፣ በቆሎው ከማሾው ይከተል። በቆሎ የግድ ከሆነ ኤንፒኤሱ ከዘሩ አጠገብ በመስመር ይግባ።

የሐርቡ ልጅ
አባቴ የዩሪያውን ብተና በሦስት ሳምንት አራዘመ። ስምንት መስመር ሠራን፣ ሁለት ተውን። ዝናብ ያዘን፣ ቀሪውን ነገ።

መርሳ
እኔም ከቀይ ሥር ቀጥሎ የዘራሁት በቆሎ እንደዚሁ ነው። የተውካቸው ሁለቱ መስመሮች እንዴት ሆኑ?

መርሳ
የሐርቡ ልጅ፣ አለህ?