ጥቆማ፦ መብራት ሄዶ ሲመለስ ዕቃ ቢያቃጥል የትኛው መድን ይከፍላል?

ባለ ፋርማሲዋ (አዳማ)
ትንሽ ፋርማሲ አለችኝ። ሁለት የመድኃኒት ማቀዝቀዣ፣ ኮምፒውተርና ፕሪንተር፣ ደጅ ያለ 10 ኬቪኤ የናፍጣ ጀነሬተር፣ ጣሪያ ላይ ደግሞ 5 ኪሎዋት ኢንቨርተር ያለው ሶላር አለኝ። የገባሁት መድን የእሳትና መብረቅ ብቻ ነው። መብራት ሄዶ ሲመለስ ዕቃ ቢቃጠል ይህ ፖሊሲ ይከፍላል? ካልከፈለ የትኛውን ትጠቁሙኛላችሁ? ከቆጣሪው በኋላ የሚገባ መከላከያም የቱ እንደሚሻል ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።

ነጋዴው
እህቴ፣ አትጨነቂ፣ ያለሽ ይበቃል። ሾርት አድርጎ እሳት ከተነሳ ይከፍላሉ። አብዛኛው ቃጠሎ የሚመጣው ከኤሌክትሪክ ስለሆነ ፖሊሲው የተሠራው ለዚሁ ነው።

የመድን ባለሙያው
ነጋዴው ያለው ግማሹ ልክ ነው፣ የቀረው ግማሽ ግን ብዙ ሰው ያሳስታል። ከኤሌክትሪክ ብልሽት የተነሳ እሳት ወደ መደርደሪያውና ወደ ጣሪያው ከተዛመተ የእሳት ፖሊሲው ለተዛመተበት ንብረት ይከፍላል። ብልሽቱ ለደረሰበት ለራሱ መሣሪያ ግን አይከፍልም። በአብዛኛው ፖሊሲ ውስጥ አጭር አንቀጽ አለች፤ በሾርት፣ ከመጠን ባለፈ ቮልቴጅ፣ በራስ መጋል ወይም በኤሌክትሪክ መፍሰስ ምክንያት በዚያው መሣሪያ ላይ የደረሰ ጉዳት አይካተትም ትላለች። የማቀዝቀዣው ቦርድ ነበልባል ሳያወጣ ጠቁሮ ከቀረ ይህ ፖሊሲ ምንም አይከፍልም። «መብረቅ» የሚለውም ከሰማይ የሚወርደውን እንጂ በሽቦ የሚመጣውን የመብራት መዋዠቅ አይደለም።

ለእርስዎ ሁለት ፖሊሲ ይታየኛል። ለኮምፒውተር፣ ለፕሪንተር፣ ለኢንቨርተርና ቦርዳቸው በቀላሉ ለሚጎዳ ዕቃዎች የኤሌክትሮኒክስ መሣሪያዎች መድን ይሻላል። ለጀነሬተሩና ለማቀዝቀዣዎቹ የማሽን ብልሽት መድን ነው የሚስማማው፤ ሾርት፣ ከፍ ያለ ቮልቴጅና የኦፕሬተር ስህተት እዚያ ይገባሉ። የማሽን ብልሽቱ ግን እሳትንና ቀጥተኛ መብረቅን ስለማይጨምር የእሳቱን ፖሊሲ አይተኩበት፣ አብረው ይያዙት።

በኤሌክትሮኒክስ ፖሊሲው ማግለያ ውስጥ አንድ ዓረፍተ ነገር ፈልገው ያንብቡ። ከኤሌክትሪክ አቅርቦት መቋረጥ ወይም መጓደል በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ የመጣ ጉዳት አይካተትም የምትል ናት። መብራት ሄዶ ሲመለስ የገባው ከፍተኛ ቮልቴጅ «መቋረጥ ያመጣው» ነው ወይስ ራሱን የቻለ አደጋ? ገማችና ባለንብረት የሚጣሉት እዚህ ላይ ነው። ስለዚህ ከመፈረምዎ በፊት «ኃይል ሲመለስ በሚፈጠር ከመጠን በላይ ቮልቴጅ የደረሰ ጉዳት ተሸፍኗል» የሚል ማሻሻያ በጽሑፍ ያስገቡ። ወኪሉ በቃል «ይሸፈናል» ቢል አይበቃም።

ኤሌክትሪሽያን (ሳሪስ)
መከላከያውን እኔ ልንገርሽ። ግን መጀመሪያ ዕቃሽን የሚያቃጥለው ምን እንደሆነ እንለይ። መብራት ሲመለስ የሚመጣው አጭር ግፊት ዕቃ ይጎዳል፣ እኔ የምፈራው ግን ኒውትራል የሚባለው የመመለሻ ሽቦ መላቀቁን ነው። ምሰሶ ላይ ወይም ቆጣሪ ጋ ኒውትራሉ ሲላላ የሦስቱ ፌዝ ጭነት እርስ በርስ ይሳሳባል። ጎረቤትሽ ትልቅ ዕቃ ሲያበራ የአንቺ መስመር 220ውን ትቶ ወደ 300 እና ከዚያ በላይ ይወጣል፣ በከፋ ጊዜ እስከ 380 ይጠጋል። ምልክቱን ያዢ፦ የአንዱ ሱቅ አምፖል ከልክ በላይ ሲደምቅ የሌላው ይደበዝዛል፣ ብዙ ሱቆችም በአንድ ጊዜ ይጎዳሉ።

ይህ የሚሊ ሰከንድ ጉዳይ አይደለም፤ ለደቂቃዎች ይቆያል። ዲቫይደር ላይ ያለው «ሰርጅ ፕሮቴክተር» ለአጭር ግፊት ስለተሠራ እዚህ ይሞቅና ራሱ ይቃጠላል። ርካሽ ስታብላይዘርም ከገደቡ በላይ ሲመጣበት አይቆርጥም፣ ዝም ብሎ ያሳልፋል።

ስለዚህ መጀመሪያ የምትገዢው የቮልቴጅ መቁረጫ ሪሌይ ነው። ከዋናው ብሬከር በኋላ የሚገጠም፣ 63 አምፔር የሆነ፣ ቮልቱን በቁጥር የሚያሳይ። ላይኛውን 255፣ ታችኛውን 180 አድርጊው። የመመለሻ መዘግየቱን ደግሞ 180 ሰከንድ አድርጊ፤ ማቀዝቀዣ ጠፍቶ ወዲያው ሲነሳ ኮምፕረሰሩ ውስጥ ያለው ግፊት ሳይስተካከል ሞተሩ ስለሚጨነቅ ነው።

ሪሌዩ ለመብረቅ ግን ይዘገያል። ከጎኑ ዓይነት 2 የሚባለውን የግፊት መከላከያ ጨምሪ። በላዩ ላይ የተጻፈውን ከፍተኛ ቋሚ ቮልት አንብቢ፦ 275 ያለውን አትውሰጂ፣ ኒውትራል ሲላላ ቶሎ ይሞታል፤ 320 ወይም 385 ይሻላል። መስኮቱ አረንጓዴ ከሆነ ይሠራል፣ ቀይ ከሆነ ይቀየራል። የሚያገናኙት ሽቦዎች አጭር ይሁኑ፣ ተደምረው ከግማሽ ሜትር አይብለጡ። ደግሞም ምድር ሽቦ ከሌለሽ ይህ ዕቃ ጌጥ ነው። ብዙ ሱቅ ውስጥ የሶኬቱ የምድር ቀዳዳ ከምንም ጋር አልተያያዘም፤ የምድር ዘንጉ እውነት ተቀብሮ እንደሆነ ይለካልሽ።

ባለ ሶላሩ
ሶላር ካላት ችግሩ ተፈቷል እኮ። ኢንቨርተሩ ራሱ ቮልት ያስተካክላል፣ ከመስመሩ ይለያታል።

ኤሌክትሪሽያን (ሳሪስ)
ወንድሜ፣ ከባትሪ ሲሠራ ልክ ነህ። መብራት ባለ ጊዜ ግን አብዛኛው ኢንቨርተር የመስመሩን ኃይል በሪሌይ አሳልፎ ለዕቃው ይሰጣል፣ የመጣው ሁሉ ያልፋል። ብዙዎቹ 5 ኪሎዋቶች ላይ ሜኑ 03 ውስጥ ሁለት ምርጫ አለ። APL ላይ ከ90 እስከ 280 ቮልት ይቀበላል፣ UPS ላይ ከ170 እስከ 280። ለማቀዝቀዣና ለኮምፒውተር UPS ይሁን። እንዲያም ሆኖ 280 ድረስ ያሳልፋል፤ ስለዚህ ሪሌዩ ከኢንቨርተሩ በፊት መግባት አለበት። ከጣሪያ የሚወርደው የፓነል ሽቦ ላይ ደግሞ ለቀጥታ ጅረት የተሠራ ሌላ የግፊት መከላከያ ያስፈልጋል፣ የቤቱ አይሆንም።

ጀነሬተሩን በሚመለከት፣ ቮልት ተቆጣጣሪው ሲበላሽ ከመስመሩ የባሰ ቮልት ያወጣል። ስለዚህ ጀነሬተሩም በሪሌይ በኩል ይለፍ። ከመስመር ወደ ጀነሬተር የሚያዞረው ቼንጅኦቨር ኒውትራልንም አብሮ የሚቀይር መሆኑ ይታይ።

የባሕር ዳሩ
ይህን ሁሉ ለምን መድን? ጥፋቱ የመብራት አገልግሎት ነው፣ እሱ ይክፈል! የእኔ ቴሌቪዥን ባለፈው ተቃጥሎ አመልክቼ እስከ ዛሬ መልስ የለም። ለቴሌቪዥን ምን ትጠቁሙኛላችሁ?

የመድን ባለሙያው
ለባሕር ዳሩ፦ ቤት ውስጥ ላለ ቴሌቪዥን የቤት ዕቃ አጠቃላይ ፖሊሲ አለ፣ የኤሌክትሪክ ጉዳት ተጨማሪ ሽፋን እንዲገባበት ግን በስም መጠየቅ አለብህ።

አገልግሎቱን መጠየቅም አይከፋም። ግን ጥፋቱ የእሱ መሆኑን ማሳየት የጠያቂው ሥራ ነው፣ ጊዜም ይወስዳል። ሆኖም ጉዳቱ በደረሰ ሰዓት 905 ደውሎ ማስመዝገብ በሁለቱም መንገድ ይጠቅማል። ቀንና ሰዓቱ ሌላ ሰው ዘንድ ተጽፎ ስለሚገኝ ገማቹ «ዕቃው ከድሮ የተበላሸ ነው» ሲል መልስ ይሆንልሃል። አንድ ጥንቃቄ፦ መድን ከገባህ አገልግሎቱን «ከእንግዲህ አልጠይቅም» የሚል ወረቀት አትፈርም። መድን ድርጅቱ ከከፈለህ በኋላ የመጠየቅ መብቱ ወደ እሱ ይተላለፋል፤ አንተ ከተውከው ክፍያህን ለመከልከል ሰበብ ይሆናል።

ባለ ፋርማሲዋ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ኢንቨርተሩን የገዛሁት ከሐምሌ 2016 በፊት ነው። ደረሰኙ ላይ ባለው ዋጋ ላስመዝግብ?

የመድን ባለሙያው
በደረሰኙ ዋጋ አያስመዝግቡ! በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋው ተለውጧል። የኤሌክትሮኒክስና የማሽን ብልሽት ፖሊሲዎች የሚመዘኑት በዛሬ አዲስ ዕቃ ዋጋ ነው። በምሳሌ ላስረዳ። ኢንቨርተሩን በ120,000 ብር አስመዘገቡ፣ ዛሬ አዲሱ 200,000 ነው እንበል። የመድን መጠኑ ከዋጋው 60 በመቶ ብቻ ነው። ቦርዱ ተቃጥሎ ጥገናው 50,000 ቢፈጅ የሚታሰብልዎት 30,000 ነው። ከዚያ ላይ ኤክሰሱ፣ ማለትም ከካሳው ላይ እርስዎ የሚሸከሙት ድርሻ፣ 10 በመቶ ከሆነ 3,000 ይቀነሳል፣ እጅዎ የሚገባው 27,000 ይሆናል። ቀሪውን 23,000 ከኪስዎ ይከፍላሉ። በአረቦን ያተረፉት ግን ከዚህ እጅግ ያንሳል። በየዓመቱ ሲያድሱ ሦስት ሱቅ ጠይቀው ዋጋውን ያስተካክሉ።

ዝርዝሩ ላይ «ሶላር ሲስተም» ብለው በአንድ መስመር አይጻፉ። ፓነሎቹን በብዛት፣ ኢንቨርተሩንና ባትሪዎቹን እያንዳንዳቸውን በመለያ ቁጥራቸው ያስፍሩ። ለባትሪ ሲከፈል እርጅናው ይቀነሳል፣ ያንን ይጠብቁ። ፓነሎቹ ጣሪያ ላይ ስለሆኑ የእሳቱ ፖሊሲም ላይ በስም ይግቡ።

ሌላ የመድን ሰው
በአንድ ነገር አልስማማም። ኢንቨርተርን በማሽን ብልሽት የሚያስገቡ ድርጅቶች አሉ፣ እኔም እሱን እመርጣለሁ፤ አቅርቦት ተቋረጠ የምትለዋን ጭቅጭቅ ትሸሻላችሁ።

የመድን ባለሙያው
ሊሆን ይችላል፣ ግን የቦርድ ቅንጣት ጉዳት ላይ ጥያቄ ይበዛል። ሁለቱንም አስልታ ጽሑፉን ታወዳድር። ብሮከር የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው፤ ወኪል የሚሸጠው የአንዱን ድርጅት ፖሊሲ ሲሆን ብሮከር የብዙዎቹን ጽሑፍ ጎን ለጎን ያስቀምጥልሻል።

አንድ የረሳነው አለ። ማቀዝቀዣው ሲበላሽ ውስጡ ያለው ኢንሱሊንና ክትባትስ? ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቆየት አለበት። የማሽን ብልሽቱ የሚከፍለው ለማሽኑ እንጂ ለመድኃኒቱ አይደለም። «በማቀዝቀዣ የተቀመጠ ዕቃ መበላሸት» የሚባል ተጨማሪ ሽፋን አለ። የመስመር መቋረጥ የሚገባበት ግን ለብቻው ሲጠየቅ ነው፣ እንዲሁም ከስንት ሰዓት በኋላ እንደሚጀምር ይጻፋል። የሙቀት መመዝገቢያ ከሌለሽ ማስረጃ አይኖርሽም።

ኤሌክትሪሽያን (ሳሪስ)
ዕቃ ሲቃጠል ደግሞ የተቃጠለውን ቦርድ አትጣሉ። ቴክኒሻኑ ሲጽፍ «ተቃጥሏል» ብቻ አይጻፍ። መግቢያው ላይ ያለው ቫሪስተር የሚባለው ክብ ጠፍጣፋ ዕቃ ፈንድቶ፣ ፊውዙ ጠቁሮ ከሆነ ከውጭ የመጣ ቮልት ምልክት ነው፣ ይህንን ፎቶ አንስቶ ይጻፍ። አንድ ካፓሲተር ብቻ አብጦ ሌላው ደህና ከሆነ ግን እርጅና ይመስላል፣ ገማቹም ያንን ያያል።

ባለ ፋርማሲዋ
ዛሬ ሁለት ድርጅት ደወልኩ። አንዱ ማሻሻያውን በጽሑፍ እንደሚሰጥ ነገረኝ፣ ሌላው «ይህ ፖሊሲው ውስጥ ያለ ነው» ብሎ አንቀጹን ሊያሳየኝ አልቻለም። የመጀመሪያውን ጽሑፍ ይዤ ነገ ሪሌዩን ለመግጠም ሰው አመጣለሁ። ምድር ሽቦውን ስንት ኦም ሲሆን ነው ደህና የሚባለው?

ኤሌክትሪሽያን (ሳሪስ)
ከ10 ኦም በታች ይሁን። ከ5 በታች ካወረድሽው ደግሞ ይበልጥ ጥሩ ነው። አፈሩ ሲደርቅ ስለሚጨምር በበጋ አስለኪው፣ ከዝናብ በኋላ የተለካ ቁጥር ያታልላል።