ውሻዬ የዶሮ ወጥ ቁሌት ድስቱን ጨርሶ ላሰው፤ ምን ላድርግ?

የቦቢ አሳዳጊ (እሁድ፣ ከምሽቱ 2፡40)
የፋሲካ እንግዶቼን ልሸኝ ወጥቼ ስመለስ ቦቢ የወጡን ድስት ገልብጦ አገኘሁት። ከድስቱ ሩብ ያህል ቀርቶ ነበር፤ ሁሉንም በልቶታል። ቁሌቱን የሠራሁት በ3 ኪሎ ቀይ ሽንኩርት ነው፤ ነጭ ሽንኩርትም አለበት። የበላው ከአንድ ሰዓት ተኩል አይበልጥም። ክብደቱ 9 ኪሎ ነው። አሁን ምንም አልሆነም፣ ጭራውን እየቆላ ይጫወታል። ሽንኩርት ለውሻ መርዝ ነው ሲባል ሰምቻለሁ፤ ግን እኮ በደንብ የበሰለ ነው። ልፍራ ወይስ ልተወው?

የጉለሌው
እህቴ፣ ስለ በርበሬው አትጨነቂ። የእኔ ውሻ በየበዓሉ ወጥ ይበላል፤ ቢበዛ ሆዱን ያስቀምጠዋል። ወተት ስጪው፣ ወተት መርዝ ያበርዳል። ካልሆነም በሞቀ ውኃ ጨው በጥብጠሽ አጠጪው፤ ወዲያው ያስመልሰዋል።

የእንስሳት ሐኪሙ፣ ከቢሾፍቱ
እባክዎ ጨው አይስጡት። ካላስመለሰው ጨው በደሙ ውስጥ ይከማቻል፤ ሊያንቀጠቅጠውና ሊገድለው ይችላል። ወተቱም ሽንኩርቱን አያበርደውም፣ በቅቤ የተሞላውን ሆድ የባሰ ያውከዋል እንጂ።

ጉዳዩ በርበሬው አይደለም፣ ቁሌቱ ነው። መብሰሉም አያድነውም። ሽንኩርቱ ሲቁላላ የሚተነው ውኃው ነው፤ መርዙ እዚያው ይቀራል። እንዲያውም አንድ ጭልፋ ቁሌት ውስጥ ከአንድ ጭልፋ ጥሬ ሽንኩርት የበለጠ ሽንኩርት አለ። ሂሳቡን በጥሬው እናስበው። ሩብ ድስት ማለት 750 ግራም ሽንኩርት ነው። በውሻ ደም ላይ ለውጥ የሚታየው ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ ከ15 እስከ 30 ግራም ሲበላ ነው፤ ለቦቢ ዝቅተኛው 135 ግራም ይሆናል። የበላው ከዚያ አምስት እጥፍ በላይ ነው፤ ከቀዩ የሚጠነክረውን ነጭ ሽንኩርት ገና አልቆጠርነውም። ስለዚህ የሚተው ነገር አይደለም።

አሁኑኑ የሚያውቁት የእንስሳት ሐኪም ካለ፣ በዓል ነው ብለው ሳያፍሩ ይደውሉ። በመርፌ ማስመለስ የሚጠቅመው ከተበላ እስከ ሁለት ሰዓት ገደማ ነውና ጊዜው አጭር ነው። ደግሞም አንድ ነገር ይንገሩኝ፤ በድስቱ ውስጥ አጥንት ነበረ?

የቦቢ አሳዳጊ
ሁለት ክንፍ ነበረ። ከወለሉ ላይ አጥንቱን አላገኘሁትም። የማውቃቸው ሐኪም ስልካቸው ዝግ ነው። ጎረቤቴ ለቁስል የምትጠቀምበት ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ አለኝ፣ ለማስመለስ ይሆናል ትላለች። ልስጠው?

የእንስሳት ሐኪሙ፣ ከቢሾፍቱ
ጎረቤትዎ ከየት እንዳገኙት ይገባኛል። 3 ከመቶ የሆነውን፣ ለአንድ ኪሎ ክብደት 1 ሚሊ ሊትር ያህል፣ ሐኪም በስልክ እየመራ የሚሰጥበት ጊዜ አለ። ለቦቢ ግን አልመክርም። የበሰለ የዶሮ አጥንት ሲሰበር እንደ ስንጥር ይሾላል፤ ሲመለስ ጉሮሮውን ሊቀደው ይችላል። ቅባትና በርበሬ የተቀላቀለበት ወጥም ወደ ሳንባው ከገባ ሌላ ችግር ነው። በክሊኒክ ሐኪሙ አይቶ ይወስናል፤ በቤት ግን አይሞክሩት።

ዛሬ ማታ ሐኪም ካልተገኘ ምግብ አይስጡት፣ ውኃ ግን አይከልክሉት። የጠዋቱን ክሊኒክ ግን እንዳይቀሩ፤ የጠዋቱ ደሙ በኋላ ከሚታየው ጋር ይነጻጸራል።

የሜሪላንዷ
አይዞሽ እህቴ። የእኔ ውሻ የልጄን ዘቢብ አንድ እፍኝ በልቶ ሁለት ቀን በደም ሥር ፈሳሽ ሲሰጠው ሰንብቷል። በማግስቱ ሽንቱ ሲቀንስብኝ ነው ሮጬ የወሰድኩት፤ እግዚአብሔር ይመስገን ዳነ። እኛን የነገሩን የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት ኩላሊቱ ካልተጎዳ አለፈ ማለት ነው ብለው ነው። ስለዚህ እስከ ማክሰኞ ደህና ከሆነ ተገላገልሽ።

የእንስሳት ሐኪሙ፣ ከቢሾፍቱ
እህቴ፣ ለዘቢብ የነገሩዎት ትክክል ነው፣ ለሽንኩርት ግን አይሠራም። ወይንና ዘቢብ የሚጎዱት ኩላሊትን ነው። ዋናው ተጠርጣሪ በወይን ውስጥ ያለው ታርታሪክ አሲድ ነው፤ መጠኑ ከፍሬ ፍሬ ስለሚለያይ ይህን ያህል ቢበላ አይጎዳውም ብዬ የምናገርበት ልክ የለኝም።

ሽንኩርት የሚያጠቃው ቀይ የደም ሕዋሳትን ነው። ሕዋሳቱ ይቆስላሉ፣ ከዚያ ሰውነቱ ራሱ እየለቀመ ያፈርሳቸዋል። ይህ ቀናት ይወስዳል። ቦቢ ዛሬ ጭራውን መቁላቱ ምንም አይነግረንም፤ የሚያሰጋው ከማክሰኞ እስከ ቅዳሜ ያለው ነው። በየጠዋቱ ከንፈሩን ገልጠው ድዱን ይዩት። ዛሬ ማታ በስልክዎ ፎቶ ያንሱት፣ በየቀኑ በዚያው መብራት ያነጻጽሩ። ሮዝ የነበረው ነጣ ካለ ወይም ቢጫ ካጠላበት፣ ሽንቱ እንደ ሻይ ከጠቆረ፣ ተኝቶ ሳለ ትንፋሹ ከፈጠነ ያኔውኑ ይውሰዱት። ሆዱን ሲነኩት ከተቆጣና ደጋግሞ ካስመለሰም ቅቤው ቆሽቱን አስቆጥቶት ሊሆን ይችላልና አይጠብቁ።

የጉለሌው
ስለ ጨው አላውቅም ነበር፣ ይቅርታ። ልጆቼ ለውሻችን ቸኮሌት ይሰጡታል፤ እሱስ?

የእንስሳት ሐኪሙ፣ ከቢሾፍቱ
ያስቁሟቸው። ክፋቱ እንደ ጥቁረቱ ነው። የቦቢን የሚያህል ውሻ በወተት ቸኮሌት መታወክ የሚጀምረው 90 ግራም ገደማ ሲበላ ነው፤ ከጥቁሩ ግን የዚያ ሩብ ወይም ሲሶ ይበቃዋል። እሱ እንደ ሽንኩርት ቀናት አይጠብቅም፤ በሰዓታት ውስጥ ያቅበዘብዘዋል፣ ልቡም በፍጥነት ይመታል።

የቦቢ አሳዳጊ (ረቡዕ ማታ)
ሰኞ ጠዋት ወሰድኩት፤ ደሙ ደህና ነበር፣ ማስመለሻው ጊዜ ግን አልፏል አሉኝ። ማክሰኞም እንደ ልቡ ዋለ፣ እውነቱን ለመናገር አጋንናችሁብኝ ብዬ ነበር። ዛሬ ጠዋት በግቢው ሲሚንቶ ላይ ሲሸና ሽንቱ እንደ ቡና እጣቢ ሆኖ አየሁት። ፎቶውን አውጥቼ ከድዱ ጋር ሳስተያየው እጄ ተንቀጠቀጠ፤ እሁድ ሮዝ የነበረው እንደ ወረቀት ነጥቷል። ሁለት ደረጃ ብቻ ወጥቶ ተቀመጠ።

በክሊኒኩ የቀይ ደሙ ድርሻ ከመቶ 24 ሆኖ ተገኘ፤ ሰኞ 44 ነበር። ፈሳሽ ሰጥተውታል። ደም የሚሰጠው ከ20 በታች ወርዶ ከደከመ ነው፣ ነገ ጠዋት ተመለሽ አሉኝ። ጎረቤቴ ትልቁን ውሻዋን ደም እንዲሰጥ ከአሁኑ አዘጋጅታልኛለች።

የሜሪላንዷ
የብረት ሽሮፕ ስጪው፤ ለደም ማነስ እኛም የምንወስደው እሱን ነው።

የእንስሳት ሐኪሙ፣ ከቢሾፍቱ
ብረት አልጎደለውም። የፈረሱት ሕዋሳት ብረቱን እዚያው ሰውነቱ ውስጥ ነው የሚተዉት፤ ሽሮፑ ሆዱን ከመረበሽ በቀር አይጨምርለትም። አጥንት መቅኔው አዲስ ደም ሠርቶ እስኪተካ አሥር ቀን፣ ሁለት ሳምንት ይፈልጋል። እስከዚያ አያሯሩጡት፣ ደረጃም ተሸክመው ያውጡት። የነገው ቁጥር ከ24 ካልወረደ ማሽቆልቆሉ ቆሟል ማለት ነው። አጥንቱስ?

የቦቢ አሳዳጊ
አንዱ ሰኞ ከሰገራው ጋር ወጣ። ሁለተኛውን እስካሁን አላየሁትም።