ሦስት ሌሊት በቅጡ ሳይተኙ ቆይቶ በማግስቱ መኪና መንዳት ይቻላል?

ጠያቂ፦ ሰነድ አዘጋጅ

የአንድ ሥራ ማስረከቢያ ቀን ደርሶብኝ ሦስት ሌሊት በቅጡ አልተኛሁም። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሌሊቶች ሁለት ሁለት ሰዓት ያህል ጎኔን አሳርፌአለሁ፤ ትናንት ማታ ግን ዓይኔን ሳልከድን ነጋ። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ገደማ ተዝለፍልፌ ልወድቅ ነበር። የሚገርመው፣ ረፋዱ ላይ ነቃ አልኩ፤ እንዲያውም ከወትሮው የተሻልኩ መሰለኝ። አሁን የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነገር ነው። በዓይኔ ጥግ ጥላ የመሰለ ነገር ሽው ይላል፤ ዞር ስል የለም። ስሜ የተጠራ መስሎኝም «አቤት» ብያለሁ። ነገ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተነሥቼ የአራት ሰዓት መንገድ መንዳት አለብኝ። ዛሬ ማታ የቻልኩትን ያህል ብተኛ ይበቃኛል? ጥላውስ ያሰጋል?

ንቁ ዓይን

አይዞህ ወንድሜ፣ ጥላው የድካም ነው፤ ስትተኛ ይጠፋል። ረፋዱ ላይ ነቃ ማለትህ ደግሞ ሰውነትህ እንደለመደው ያሳያል። ዋናው ነገር የጡንቻ ማረፍ ስለሆነ እንቅልፍ ባይወስድህም ዓይንህን ጨፍነህ ተጋደም። ጠዋት ጠንከር ያለ ቡና ጠጥተህ ጉዞህን ቀጥል። አሜሪካ ውስጥ አንድ ወጣት አሥራ አንድ ቀን ሳይተኛ ቆይቶ ምንም አልሆነም ሲባል ሰምቻለሁ።

የሌሊት ተረኛ

የጥላው ነገር ልክ ነው፤ የቀረው ግን ሰው ይጎዳልና ልመልስበት። ሥራዬ የእንቅልፍ ምርመራ በሚደረግበት ክፍል ውስጥ ነው።

እንቅልፋችንን የሚገዙት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው ነቅተን በቆየን ቁጥር የሚከማች ጫና ነው። የአንጎል ሴሎች ሲሠሩ አዴኖሲን የሚባል ንጥረ ነገር ይጠራቀማል፤ ሲበዛ ንቃትን ያዳክማል፤ ስንተኛ ደግሞ ይቀንሳል። ሁለተኛው ከዓይኖቻችን በስተኋላ፣ የዓይን ነርቮች ከሚተላለፉበት ቦታ በላይ ያለው የሰውነት ሰዓት ነው። ይህ ሰዓት ተኛህ አልተኛህ ግድ የለውም። በየዕለቱ በራሱ ዙር ጎህ ሳይቀድ ንቃትን ወደ ታች ይጥላል፤ ሲነጋ ይመልሳል።

ከሌሊቱ 10 ሰዓት የጣለህ የሁለቱ መደራረብ ነው። ረፋዱ ላይ የተነሣኸው ሰዓቱ ወደ ላይ ስለሳበህ እንጂ ጫናው ስለቀነሰ አይደለም። ጫናው እንዲያውም ከሌሊቱ ይልቅ አሁን ከፍ ብሏል። የሰውነት መልመድ የሚባለውም ከዚሁ ስሜት የሚመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ የአሜሪካ ተመራማሪዎች ጥናት ሰዎችን ለ14 ቀናት በየሌሊቱ ስድስት ሰዓት ብቻ ያስተኛ ነበር። ሰዎቹ ከጥቂት ቀናት በኋላ የእንቅልፍ ስሜታቸው ብዙም እንደማይጨምር ተናገሩ፤ የንቃት ፈተናው ውጤት ግን በየቀኑ እያሽቆለቆለ ሄዶ በመጨረሻ ጨርሶ ሳይተኙ እስከ ሁለት ሌሊት ከቆዩ ሰዎች ጋር ተስተካከለ። ደኅና ነኝ ማለትህ ምስክር የማይሆነው ለዚህ ነው፤ የሚመሰክረውም ያው የደከመው አንጎል ነውና።

ቡናን በተመለከተ፣ ካፌይን የሚያደርገው የአዴኖሲንን መቀመጫ መያዝ ነው። አዴኖሲኑ አይጠፋም፤ ውጭ ቆሞ ይጠብቃል። የነዳጅ መለኪያን በጨርቅ ሸፍኖ እንደ መንዳት ነው። የጠጣኸው ካፌይን እኩሌታው ከደምህ ለመውጣት አምስት ስድስት ሰዓት ስለሚወስድበት ዛሬ ከሰዓት በኋላ ብትጠጣ የማታውን እንቅልፍህንም ይሸራርፍብሃል።

ወጣቱ ራንዲ ጋርድነር ይባላል። በ17 ዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1963 መጨረሻና በ1964 መጀመሪያ፣ ለትምህርት ቤት የሳይንስ ውድድር 264 ሰዓት ሳይተኛ ቆይቷል። ምንም አልሆነም የሚለው ትክክል አይደለም። በአራተኛው ቀን የመንገድ ምልክት ሰው መስሎታል። በመጨረሻው ቀን ከመቶ ጀምሮ ሰባት ሰባት እየቀነሰ እንዲቆጥር ሲጠየቅ 65 ላይ ደርሶ ዝም አለ። ለምን እንዳቆመ ሲጠይቁት ምን ይሠራ እንደነበር ረስቶታል። ይህ ልጅ በዚያን ሰዓት በእግሩ ይራመዳል፣ ይናገራል፣ ይጫወታል። ላዩን ላየው ደኅና ነው።

ከባድ ጭነት

እኔ የሕክምናውን አላውቅም፤ መንገዱን ግን አውቀዋለሁ። ሰው መሪ ላይ የሚተኛው አልጋ ላይ እንደሚተኛው አይደለም። ዓይንህ እንደተከፈተ ሸለብ ታደርጋለህ፤ መንቃትህንም ሆነ መተኛትህን አታውቅም። በሰዓት መቶ ኪሎ ሜትር እየሄድህ አራት ሰከንድ ብቻ ብትሸለብ መኪናው ያለ ሹፌር ከመቶ ሜትር በላይ ሄደ ማለት ነው።

ሙዚቃ ከፍ ማድረግና መስኮት መክፈት ለጥቂት ደቂቃ ያታልላል እንጂ አያድንም። ምልክቶቹን ልንገርህ። ያለፉትን ጥቂት ኪሎ ሜትሮች እንዴት እንዳለፍካቸው ካላስታወስህ፣ መታጠፊያህን አልፈህ ከሄድህ፣ መኪናው ወደ ዳር እየሸሸ በድንገት የምትመልሰው ከሆነ፣ ያን ጊዜ ተኝተሃል። ሊወስደኝ ነው አትበል፤ ወስዶሃል። ያኔ የሚያዋጣው ደኅና ቦታ ፈልጎ ማቆምና ሃያ ደቂቃ ያህል መተኛት ብቻ ነው። ስትነሣም ወዲያው ሞተር አታስነሣ፤ ድንዝዙ እስኪለቅህ ጠብቅ።

ደግሞ ከሁሉ ሰዓት ከንጋቱ 11 ሰዓት መረጥህ? በእንቅልፍ የተነሣ የሚገለበጥ መኪና የሚበዛው በዚያ ሰዓት አካባቢ ነው።

የማለዳ ጀምበር

እኔም እንደ ጠያቂው ነኝ። ወራት ሆነኝ፤ በሦስት ሰዓት አልጋ ላይ እወጣለሁ፣ እስከ ስምንት ሰዓት ስገላበጥ አድራለሁ። ጥላ ግን አይታየኝም። አሁን ይህን ሳነብ ጭራሽ ልብ ምቴ ጨመረ። እኔም ማበዴ ነው? የእንቅልፍ መድኃኒት ልጀምር?

የሌሊት ተረኛ

እህቴ፣ የአንቺና የእሱ ጉዳይ ይለያያል። እሱ እንቅልፍ እየመጣበት ራሱን ከለከለ፤ አንቺ ዕድሉ እያለሽ እንቅልፉ አልመጣ አለሽ። ልክ ባልሆነ እንቅልፍ ወራት የቆየ ሰው በአብዛኛው ከሚገምተው በላይ ይተኛል፤ ስለዚህ የእሱን ምልክቶች በራስሽ ላይ አትፈልጊ። ለአንቺ ዓይነቱ ችግር ከመድኃኒት በፊት የሚመከረው የልማድ ሕክምና ነው። እንቅልፍ ሳይመጣብሽ አልጋ ላይ አትውጪ፤ ካልወሰደሽ ተነሥተሽ በደብዛዛ ብርሃን ሌላ ነገር ሥሪ፤ ምን ያህል እንደተኛሽ ሳታስቢ ጠዋት ሁልጊዜ በአንድ ሰዓት ተነሺ። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይከብዳሉ። ወር ካለፈው ግን ሐኪም ማየቱ ይሻላል፤ ታይሮይድ፣ ጭንቀት ወይም የምትወስጂው ሌላ መድኃኒት ሊሆን ይችላል።

ወደ ጠያቂው ስመለስ፣ ጥላውና ጥሪው ያለ እንቅልፍ ሁለትና ሦስት ቀን በቆዩ ጤነኛ ሰዎች ላይ የሚታዩ ናቸው፤ ከተኛህ በኋላ ይጠፋሉ። ሐኪም ዘንድ ሂድ የምልህ ከተኛህ በኋላም ከቀጠሉ ወይም ማየትህን አምነህ ሰው እየተከታተለኝ ነው ማለት ከጀመርህ ነው። ደግሞ አንድ ሌላ ነገር አለ፤ ሳትተኛ እየቆየህ እንቅልፍ ጭራሽ ካላሰኘህ፣ ንግግርህ ከፈጠነ፣ ገንዘብ መበተንና ትልልቅ ዕቅድ ማውጣት ካማረህ፣ ይህ ጉልበት አይደለም። የስሜት መዋዠቅ ሕመም ላለበት ሰው እንቅልፍ ማጣት ራሱ ሕመሙን ሊቀሰቅስ ይችላል።

አንባቢው

የእንቅልፍ ዋና ጥቅም አንጎልን ማጠብ መሆኑ እኮ ተረጋግጧል። በእንቅልፍ ሰዓት ፈሳሽ በሴሎቹ መካከል እየገባ የቀኑን ቆሻሻ ጠርጎ ያወጣል። ጥላውም የዚያ ቆሻሻ ውጤት ይሆናል።

የሌሊት ተረኛ

ሐሳቡ እ.ኤ.አ. በ2013 በአይጦች ላይ ከተሠራ ጥናት የመጣ ነው፤ ደስ የሚልም ሐሳብ ነው። በ2024 ደግሞ ሌሎች ተመራማሪዎች በአይጦች ላይ ተቃራኒውን አገኙ፤ በእንቅልፍ ጊዜ ማጽዳቱ ይቀንሳል አሉ። ክርክሩ አላለቀም፤ ስለዚህ ተረጋግጧል አልልም።

ለጥላው የተሻለ የሚመስለኝ ሌላ ግኝት ነው። ከመጠን በላይ እንዲነቁ የተደረጉ አይጦች አንጎል ውስጥ፣ አይጡ ዓይኑን ከፍቶ እየተንቀሳቀሰ ሳለ፣ ጥቂት ሴሎች ለአፍታ እንደ ተኛ ሰው ሴል ጸጥ ይላሉ። አንጎል በአንድነት አይተኛም፤ ከፊሉ ሥራውን ጥሎ ይሄዳል። ጸጥ ያሉት የሚያዩት ወይም የሚወስኑት ከሆኑ ስህተት ይፈጠራል። አይጦችን ጨርሶ ያለ እንቅልፍ ያቆዩ የቆዩ ሙከራዎችም ነበሩ፤ አይጦቹ እየበሉ እየከሱ ሄደው በሁለት ሦስት ሳምንታት ውስጥ ሞቱ። የሞቱበት ምክንያት እስከ ዛሬ ያከራክራል።

ሰነድ አዘጋጅ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ከመቶ ሰባት ሰባት እየቀነስኩ ስቆጥር 79 ላይ ተምታታብኝ፤ ስለዚህ ጉዞውን ወደ ከነገ ወዲያ እኩለ ቀን ገፍቼዋለሁ። አንድ ጥያቄ ቀረኝ፤ ያጣሁትን ሰዓት በሙሉ ልተካው ይገባል?

የሌሊት ተረኛ

ሰዓት በሰዓት አይተካም። ጋርድነር እንኳ ከአሥራ አንዱ ቀን በኋላ መጀመሪያ የተኛው ከአሥራ አራት ሰዓት ጥቂት በለጥ ያለ ነው። ሰውነት መጀመሪያ ጥልቁን እንቅልፍ ይወስዳል፤ ሕልም ያለበት እንቅልፍ በብዛት የሚመለሰው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ በሁለተኛው ሌሊት ብዙና ግልጽ ሕልም ብታይ አትደንግጥ። ዛሬ በጊዜ ተኛ፤ ነገ ማንቂያ ሳትሞላ ተነሣ፤ ነገ ማታም እንዲሁ። ትኩረትህ ወደ ቦታው ለመመለስ ከሁለት ሌሊት በላይ ሊወስድ ይችላል፤ ስለዚህ ከነገ ወዲያም ቢሆን ከባድ ጭነት የነገረህን ምልክቶች አትርሳ።

ንቁ ዓይን

ይሁን፤ አባቴ ግን ዕድሜውን በሙሉ በአራት ሰዓት እንቅልፍ ኖሯል፤ ከእኛ ሁሉ ይነቃል።

የሌሊት ተረኛ

በተፈጥሯቸው ጥቂት ተኝተው የሚበቃቸው ሰዎች አሉ፤ ከጂን ጋር የተያያዘ መሆኑም ታውቋል፤ ግን በጣም ጥቂት ናቸው። የእረፍት ቀን ሲሆን፣ የሚቀሰቅሰው ሳይኖር፣ አባትህ ስንት ሰዓት ይተኛሉ? ቁጭ ሲሉስ ያንቀላፋሉ?

ንቁ ዓይን

ከምሳ በኋላ ወንበሩ ላይ ሁልጊዜ ያንቀላፋል። እሱ ግን ዜና እየሰማሁ ነው ይላል።