ከጌም ፓስ ሊወጣ ያለ ጨዋታ፦ ሴቬ ምን ይሆናል?

የአጂፕ ልጅ (ጠያቂ)
ሰላም ለሁላችሁ፣ ከጅማ ነኝ። ላፕቶፔ ላይ በፒሲ ጌም ፓስ አንድ ረጅም ጨዋታ 60 ሰዓት ያህል ተጫውቻለሁ። ሰሞኑን Leaving soon የሚለው ውስጥ ገብቶ አየሁት። የሚወጣው ኦገስት 31 ነው፣ በእኛ ነሐሴ 25። ክፍያዬ ደግሞ ከዚያ በፊት ነሐሴ 18 ያልቃል። የምትከፍልልኝ ዱባይ ያለችው እህቴ ናት፤ በየወሩ ማስቸገር ከብዶኛል። ሴቬ ይጠፋል? ቆይቼ ጨዋታውን ብገዛው ካቆምኩበት እቀጥላለሁ?

የሌሊት ተጫዋች
ወንድሜ አትጨነቅ፣ ክፍያህ ካለቀ በኋላ 6 ወር ይቆይልሃል። ከ6 ወር በኋላ ግን ያጠፉታል። በዚያ ጊዜ ውስጥ እህትህ አንድ ወር ከከፈለችልህ ጨርሰህ ትገላገላለህ።

ቁልፍ ሰሪ
የሌሊት ተጫዋች፣ 6 ወር ያልከው የፕሌይስቴሽን ፕላስ ደንብ ነው። እዚያ ክላውድ ላይ ማስቀመጥ ራሱ በክፍያ የሚገኝ አገልግሎት ስለሆነ፣ ክፍያው ሲቆም ጊዜ ይቆጠርበታል። በኤክስቦክስ በኩል ሴቭ የተያያዘው ከአካውንቱ ጋር ነው፤ ክፍያው ቢቋረጥም፣ ጨዋታው ከዝርዝሩ ቢወጣም ክላውድ ላይ የደረሰው እዚያው ይጠብቅሃል። ደግሞ አንድ ወር መክፈሉ የሚረዳው ጨዋታው ዝርዝሩ ውስጥ እስካለ ድረስ ነው። ከነሐሴ 25 በኋላ ቢከፍልም ያ ጨዋታ አይከፈትለትም።

የአጂፕ ልጅ፣ እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው። ሴቭህ ወደ ክላውድ የሚሄደው ጨዋታውን ስትከፍትና ስትዘጋ፣ ኢንተርኔት ካለ ብቻ ነው። መብራት ጠፍቶ ዋይፋዩ ሞቶ በባትሪ የተጫወትከው ሁሉ ላፕቶፑ ላይ ብቻ ነው ያለው። በሌላ ጊዜ ችግር የለውም፤ ኢንተርኔት ሲመጣ ጨዋታውን ስትከፍት ይላካል። ክፍያህ አልቆ ጨዋታው አልከፍት ካለ ግን የቀረውን ሴቭ የሚልክልህ የለም። በዚህ ላይ «ከእንግዲህ አይሠራም» ብለህ ቦታ ለማስለቀቅ አንኢንስቶል ካደረግከው፣ ላፕቶፑ ላይ ያለው ሴቭም አብሮ ይጠፋል። አንዳንዱ ሰው «ጨዋታው ሲወጣ ሴቬን አጠፉብኝ» የሚለው እንዲህ ሆኖበት ነው።

ስለዚህ ለነሐሴ 18 አትጠብቅ፤ ነሐሴ 16 ላይ አድርገው። ኤክስቦክስ አፑ ላይ የገባህበት አካውንት ስትጫወትበት የነበረው መሆኑን እይ። ኢንተርኔት ደህና ሲሆን ጨዋታውን ክፈት፣ የመጨረሻውን ሴቭ ጫን፣ ጥቂት ተራመድና በሌላ ቦታ እንደገና ሴቭ አድርግ። ከዚያ ከጨዋታው በራሱ ሜኑ ውጣ። ላፕቶፑን ቶሎ አትዝጋው፣ አምስት ደቂቃ ስጠው። ቀጥለህ አንዴ ክፈተው፤ ስለ ሴቭ ምንም ሳይጠይቅህ አዲሱን ካሳየህ ጥሩ ነው። ከላፕቶፑና ከክላውዱ የትኛውን እንደምትፈልግ ከጠየቀህ ግን ሁለቱ አልተስማሙም ማለት ነው፤ ቀኑንና ሰዓቱን ሳታነብ እንዳትመርጥ። አሮጌውን ከመረጥክ አዲሱ ይሻራል።

ጌም ቤት፣ ፈረንጅ አራዳ
እኔም ደርሶብኛል። ፒኤስ 5 ነው ያለኝ፣ ለደንበኛ የማከራየው። ፕላሱ ካለቀ በኋላ በዲስክ የምንጫወተውን ኳስ አራት ወር ሙሉ ቀጠልን፤ ልጆቹ የራሳቸውን ክለብ ይዘው ብዙ ርቀው ነበር። ማሽኑ ተበላሽቶ ጠጋኝ ጋ ስወስደው ሪሴት ተደርጎ ተመለሰልኝ። መልሼ ፕላስ ስከፍል የወረደው ሴቭ ክፍያው ከማለቁ በፊት የነበረው ነው። የአራቱ ወር ሥራ የለም። ልጆቹን ማየት አቃተኝ። እና ጥያቄው ስለ ፕሌይስቴሽን ከሆነ፣ በፍላሽ ገልብጦ ማስቀመጥ አይቻልም?

ቁልፍ ሰሪ
ጋሼ፣ ጥያቄው ስለ ፒሲ ነው፤ ግን የእርስዎ ነገር ለብዙ ሰው ይጠቅማል። የፒኤስ 4 ጨዋታ ሴቭ በፍላሽ ይገለበጣል። የፒኤስ 5 ጨዋታ ሴቭ ግን አይገለበጥም፤ ማሽኑ ላይ ነው፣ አለዚያም ክላውድ ላይ። ፕላስ ሲቋረጥ ክላውዱ አዲስ ነገር መቀበል ያቆማል፤ ለዚህ ነው ያ አራት ወር ያልተገኘው። ማሽን ለጥገና ከመስጠትዎ በፊት አንድ ወር ከፍለው ሴቩ መላኩን ማየት ይሻላል።

የሌሊት ተጫዋች
እሺ፣ የ6 ወሩን ተቀብያለሁ። ግን መግዛቱን በተመለከተ ስቲም ላይ ቅናሽ ሲመጣ ቢገዛውስ? የሴቩን ፎልደር ኮፒ አድርጎ ስቲም ላይ መለጠፍ ነው፣ እኔ በሌላ ጨዋታ አድርጌዋለሁ።

ቁልፍ ሰሪ
አንተ ያደረግከው ጨዋታ ሴቩን ዶክመንት ፎልደር ውስጥ የሚያስቀምጥ ሆኖ ይሆናል። አብዛኛው የጌም ፓስ ጨዋታ ግን የሚያስቀምጠው እዚህ ነው፦

```
%LOCALAPPDATA%\Packages\<game>\SystemAppData\wgs
```

ከፍታችሁ እዩት። ስማቸው ትርጉም የሌለው ረጅም የፊደልና የቁጥር ድርድር ነው፣ ከጎናቸው containers.index የሚባል አለ። የስቲሙ ቅጂ ይህን አያነበውም። ለአንዳንድ ጨዋታ ተጫዋቾች ራሳቸው መቀየሪያ ፕሮግራም ሠርተዋል፣ ለአንዳንዱ የለም። አንዳንድ ጨዋታ ደግሞ በራሱ አካውንት ሴቩን ከአንዱ ወደ ሌላው ያሻግራል።

በማይክሮሶፍት ስቶር፣ በዚያው አካውንት ከገዛኸው ግን ያው ቅጂ ነው፤ ያለ ምንም ልፋት ትቀጥላለህ። ጨዋታው ዝርዝሩ ውስጥ ሳለ ለአባላት እስከ 20 በመቶ የሚደርስ ቅናሽ ይኖራል። 40 ዶላር ቢሆን 32 ይሆናል ማለት ነው። ለአንተ ይህ የሚያልቀው ነሐሴ 25 ሳይሆን ነሐሴ 18 ነው፣ አባልነትህ ያኔ ስለሚያበቃ። እህትህ የስጦታ ካርድ ከላከች አካውንትህ የተከፈተበት አገር ካርድ ይሁን፤ የዱባይ ካርድ በአሜሪካ አካውንት አይገባም።

ዝም ያለው
እኔ ጨዋታው ሲወጣ ለምን ተጨማሪ ክፍሉን ገዛሁ ብዬ ተቆጭቻለሁ። ዲኤልሲው አካውንቴ ላይ አለ፣ ግን ዋናው ጨዋታ ከሌለ አይከፈትም። ለመሆኑ ለምንድነው የሚያወጡት?

ቁልፍ ሰሪ
ከአሳታሚው ጋር የተዋዋሉበት ጊዜ ስለሚያልቅ ነው። ጌም ፓስ ላይ ብዙውን ጊዜ በፈረንጅ ወር አጋማሽና መጨረሻ ይወጣል፣ ሁለት ሳምንት ገደማ ሲቀረው ያስታውቃሉ። የማይክሮሶፍት የራሱ ጨዋታዎች ይቆያሉ፤ ግን ሁልጊዜ አይደለም። ፎርዛ ሆራይዘን 4 ዲሴምበር 15፣ 2024 ከጌም ፓስም ከመሸጫውም አብሮ ወጥቷል። እንዲህ ሲሆን «ቆይቼ እገዛዋለሁ» የሚባል ነገር የለም።

የአጂፕ ልጅ
እግዜር ይስጥልኝ። ትናንት ማታ ከፍቼ የነገርከኝን አደረግኩ። የትኛውን ትመርጣለህ ብሎ ጠየቀኝ! ላፕቶፑ የሐምሌ መጨረሻ፣ ክላውዱ የሐምሌ መጀመሪያ ነበር። የላፕቶፑን መረጥኩ፤ ሁለተኛ ስከፍተው አልጠየቀም። ሦስት ሳምንት ሙሉ አልተላከም ነበር ማለት ነው። አሁን እህቴ 32 ዶላሩን እስክትልክ እየጠበቅኩ ነው። የ wgs ፎልደሩን ፍላሽ ላይም ገልብጫለሁ፤ እሱ ይጠቅማል?

ቁልፍ ሰሪ
አይጎዳም። መልሰህ ስትለጥፈው አንዳንዴ ይቀበላል፣ አንዳንዴ ክላውዱ ያለውን ይጭንበታል፤ በእሱ ብቻ አትተማመን። እና እስክትገዛው ድረስ ጨዋታውን አታጥፋው።

የሌሊት ተጫዋች
የጨዋታውን ስም ጻፍልን እስቲ፣ የስቲም መቀየሪያ ያለው ከሆነ እኔ ፈልጌ እሞክርልሃለሁ።